11.26 ወይስ 11.17? የቦንድን ትርፍ ከገበያ ዋጋው በሙከራ ማውጣት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ማታ ማታ ፋይናንስ እማራለሁ። የፊት ዋጋው 100,000 ብር የሆነ፣ በዓመት አንዴ 9 በመቶ ወለድ የሚከፍል፣ 5 ዓመት የቀረው ቦንድ በ92,000 ብር ይሸጣል፤ ዋይቲኤሙን፣ ማለትም ቦንዱ እስከ መጨረሻው ቢያዝ የሚያስገኘውን የዓመት ትርፍ ምጣኔ፣ አውጡ ተባልን። እኔ በ10 እና በ14 በመቶ ሞክሬ በኢንተርፖሌሽን፣ ማለትም በሁለቱ መካከል ዋጋው እኩል እየወረደ ይሄዳል ብዬ፣ 11.26 አገኘሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ወለዱ ላይ በየዓመቱ 1,600 ብር ጨምሮ ለ92,000 አካፈለና 11.52 ነው ይላል። አስተማሪው የሰጠን መልስ 11.17 ነው። የት ጋ ተሳሳትኩ? በቀጥታ የሚያወጣ ፎርሙላስ የለም?»

መልስ፦

ሒሳብህ ልክ ነው። ችግሩ ሒሳቡን ከመጀመርህ በፊት ነው የተፈጠረው፤ ሁለቱን የሙከራ ምጣኔዎች አራርቀህ መረጥካቸው። የጓደኛህ ስህተት ግን ሌላ ዓይነት ነው። መጀመሪያ እሱን ላጥራ፣ ምክንያቱም ያንተንም የሚያስረዳው እሱ ነው።

ጓደኛህ እንዲህ አሰበ። ቦንዱ በ92,000 ተገዝቶ መጨረሻ ላይ 100,000 ይከፈላል። ልዩነቱ 8,000 ብር ነው፤ ለ5 ዓመት ሲካፈል በዓመት 1,600። ከ9,000 ወለድ ጋር 10,600 ይሆናል። ይህን ለ92,000 ሲያካፍል 11.52 አገኘ። ግን 1,600 ብር በየዓመቱ የሚሰጠው ማነው? ማንም። 8,000ው የሚመጣው በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ባንድ ጊዜ ነው። እቁብ የሚጥል ሰው ይህን ያለ ትምህርት ያውቀዋል። መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው እኩል ብር ይወስዳሉ፤ ሁለቱ እኩል ናቸው የሚል ግን አታገኝም። ጓደኛህ መጨረሻ የሚደርሰውን ብር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለዚህ ነው ቁጥሩ የገነነው።

9,000ን ለ92,000 አካፍለው 9.78 በመቶ ብለው የሚያቆሙም ብዙ ናቸው። ያ ደግሞ 8,000ውን ጭራሽ ይረሳዋል። የዘንድሮ ወለድ ከከፈልኩት ብር ስንት እጅ ነው ለሚል ሰው መልስ ይሆናል፤ ላንተ ጥያቄ ግን አይሆንም።

አንተ የተጠየቅከው ይህን ነው። ከዚህ ቦንድ አምስት ክፍያ ይመጣል። አራቱ 9,000፣ 9,000 ናቸው። አምስተኛው ወለዱና ዋናው አንድ ላይ 109,000 ነው። አምስቱም በአንድ ምጣኔ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለሱ ድምራቸው ልክ 92,000 የሚሆንበት ምጣኔ የትኛው ነው? እሱ ነው ዋይቲኤም። ሲጻፍ፦

```
92000 = 9000/(1+r) + 9000/(1+r)^2 + 9000/(1+r)^3
        + 9000/(1+r)^4 + 109000/(1+r)^5
```

ቀጥታ ፎርሙላ የለም ወይ ላልከው፣ እዚህ የሚፈለገው r አምስተኛ ኃይል ውስጥ ተቀብሯል። ለሁለተኛ ኃይል ትምህርት ቤት የተማርነው ፎርሙላ አለ። ለአምስተኛ ኃይል ግን ሁሉንም የሚፈታ እንዲህ ያለ ፎርሙላ ሊኖር እንደማይችል ኖርዌያዊው አቤል በ1824 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ይገምታል። ሰንጋ ተራ ባሉት የባንክ ሕንፃዎች ውስጥ ያለው ኮምፒውተርም የሚገምተው እንዳንተው ነው፤ የሚበልጥህ በፍጥነት ብቻ ነው።

ግምት ሲባል ግን ዝም ብሎ ቁጥር መወርወር አይደለም። ጥሩ መነሻ የሚሰጥህ ያው የጓደኛህ ሒሳብ ነው፣ አንድ ነገር ከቀየርክለት። 10,600ን ለ92,000 ሳይሆን ለ92,000 እና ለ100,000 አማካይ፣ ማለትም ለ96,000 አካፍለው። 11.04 በመቶ ይወጣል። ይህ መልስ አይደለም፤ ከየት እንደምትጀምር ብቻ ይነግርሃል። እንግዲህ በ11 እንጀምር።

በ11 በመቶ፣ አምስት ዓመት በየዓመቱ የሚመጣ 1 ብር ዛሬ 3.6959 ብር ያወጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ 1 ብር ደግሞ 0.59345 ብር። ስለዚህ ወለዶቹ 9,000 ሲባዛ በ3.6959፣ 33,263 ብር ናቸው። ዋናው 59,345 ብር ነው። ድምር 92,608። ገበያው ግን 92,000 ነው ያለው። የኛ ዋጋ በለጠ።

ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው፤ አሁን ምጣኔውን ከፍ ላድርግ ወይስ ዝቅ? ዋጋና ምጣኔ እንደ ሚዛን ሁለት ሳህኖች ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል። ያገኘኸው ዋጋ ከገበያው ከበለጠ ምጣኔህ አንሷል ማለት ነው፤ ጨምር። በ12 ስንሞክር ወለዶቹ 32,443፣ ዋናው 56,743፣ ድምሩ 89,186 ይሆናል። አሁን ከገበያው በታች ወረድን። መልሱ በ11 እና በ12 መካከል ተያዘ።

ቀሪው ኢንተርፖሌሽን ነው። ከ11 ወደ 12 ስንሄድ ዋጋው በ3,422 ብር ወረደ። እኛ የምንፈልገው ከ92,608 ወደ 92,000 መውረድ፣ ማለትም 608 ብር ብቻ ነው። 608 ለ3,422 ሲካፈል 0.178 ገደማ። ስለዚህ 11.178።

አንተ በ10 እና በ14 ያደረግከውም ይኸው ነው። ታዲያ ለምን 11.26 ወጣ? በየአንድ በመቶው ዋጋው በስንት ብር እንደሚወርድ እንይ። ከ10 ወደ 11 ስትሄድ 3,601 ብር ይወርዳል። ከ11 ወደ 12 3,422። ከ12 ወደ 13 3,255። ከ13 ወደ 14 3,096። መጀመሪያ ላይ በትልቁ ይወርዳል፣ እየቆየ ይዘገያል። ኢንተርፖሌሽን ግን ይህን አያውቅም። አራቱን እርምጃዎች እኩል አድርጎ በየአንዱ 3,344 ብር እንደሚወርድ ይቆጥራል። አንተ ከ10 ተነስተህ 4,209 ብር መውረድ ነበረብህ። በትክክለኛው ቁልቁለት ቶሎ ትደርስ ነበር። ባማካዩ ቁልቁለት ስትሄድ ግን ረዘመብህና 11.26 ድረስ ሄድክ።

ግቢ ውስጥ ልብስ የሚሰጣበትን ገመድ አስብ። በሁለት ምሰሶ መካከል መሃሉ ረገብ ይላል። እውነተኛው የዋጋ መስመር እንደዚያ የረገበው ገመድ ነው። ኢንተርፖሌሽን ደግሞ ከምሰሶ ምሰሶ የተወጠረ ቀጥ ያለ ሲባጎ ነው። ሲባጎው ምንጊዜም ከገመዱ በላይ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ተራ ቦንድ፣ አንዱ ሙከራ ከገበያው ዋጋ በላይ ሌላው በታች ከሆነ፣ የምታገኘው ምጣኔ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ዝቅ ብሎ ከመጣብህ ሒሳቡ ውስጥ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል፤ መልሰህ ፈትሽ። ምሰሶዎቹን ስታቀራርብ ደግሞ ገመዱ መርገቢያ ያጣል። በ4 በመቶ ርቀት ስህተቱ 0.085 ነበር። በ1 በመቶ ርቀት ወደ 0.004 ወረደ። ርቀቱ አራት እጅ ነው የጠበበው፤ ስህተቱ ግን ከሃያ እጅ በላይ ቀነሰ።

«እሺ፣ ግን 11.178 ሲጠጋጋ 11.18 ነው፤ አስተማሪው 11.17 ነው ያለው» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። አንድ ዙር ይቀራል። ያገኘኸውን 11.18 ራሱን ሙከራ አድርገው። ዋጋው 91,979 ይወጣል፤ ከገበያው 21 ብር ብቻ ያንሳል። አሁን በ11 እና በ11.18 መካከል ኢንተርፖሌት አድርግ። ከ92,608 እስከ 91,979 ያለው ልዩነት 629 ነው። 608 ለ629 ሲካፈል 0.967፣ በ0.18 ሲባዛ 0.174። መልሱ 11.174፣ ሲጠጋጋ 11.17። ሁለት ዙር በቂ ነው። ሦስተኛ ዙር ከጀመርክ ለፈተና ሳይሆን ለጨዋታ ነው።

ይህን ስል ተማሪዎቼ አያምኑኝም። ስለዚህ ለገሀር አካባቢ በምናዘወትራት ካፌ ውስጥ፣ የማኪያቶ ደረሰኝ ገልብጠን በጀርባው ላይ እንዲህ እናደርጋለን። 92,000 ብር 11.174 በመቶ የሚወልድ ደብተር ውስጥ አስገባህ እንበል። በየዓመቱ መጨረሻ 9,000 ታወጣለህ። የመጀመሪያው ዓመት 10,280 ብር ይወልዳል፤ 9,000 ስታወጣ 1,280 እዚያው ይቀራል፣ ደብተሩ 93,280 ይላል። ሁለተኛው ዓመት የሚቀረው 1,423 ነው። ሦስተኛው 1,582። አራተኛው 1,759። አምስተኛው 1,955። መጨረሻ ላይ ደብተሩ ላይ 99,999 ብር ከ72 ሳንቲም ታገኛለህ። 28 ሳንቲሟ የጎደለችው ምጣኔውን ስላጠጋጋነው ነው።

አሁን ጓደኛህን ጥራውና እነዚህን አምስት ቁጥሮች አሳየው። 1,280፣ 1,423፣ 1,582፣ 1,759፣ 1,955። ድምራቸው 8,000 ገደማ ነው፤ ግን አንዱም 1,600 አይደለም። መጀመሪያ ትንሽ፣ መጨረሻ ትልቅ፤ ምክንያቱም እዚያው የቀረውም ብር በተራው ይወልዳል። የቦንዱ ቅናሽ የሚሞላው እንዲህ እየፈጠነ ነው።

ፈተና ላይም ሥራ ላይም ከሁሉ በላይ የሚያስቀጣው ግን የወለድ ክፍያው ድግግሞሽ ነው። ያንተ ቦንድ በዓመት አንዴ ይከፍላል። ብዙ ቦንዶች ግን በየስድስት ወሩ ነው የሚከፍሉት። ያኔ 9,000 አይደለም፣ 4,500 ነው። 5 ጊዜም አይደለም፣ 10 ጊዜ ነው። በሙከራ የምታገኘውም የግማሽ ዓመት ምጣኔ ነው። ያንተው ቦንድ በየስድስት ወሩ ቢከፍል ኖሮ በ5.5 በመቶ ዋጋው 92,462፣ በ6 በመቶ 88,960 ይሆናል። ኢንተርፖሌት ስታደርግ 5.566 ታገኛለህ። እኔ ልጅ ሆኜ የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ይህችን 5.57 እንዳለች ሪፖርት ላይ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁ። ሰውየው ገና ወረቀቱን እንዳየ «ወለዱ 9፣ የተገዛው በቅናሽ፣ ትርፉ 5? እንዴት ሆኖ?» አለኝ። አሁንም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

የሱን ጥያቄ ያዝ፤ ከማንኛውም ካልኩሌተር የበለጠ መፈተሻ ነው። ቦንዱ ከፊት ዋጋው በታች ከተሸጠ ትርፉ ከወለዱ መብለጥ አለበት፤ በላይ ከተሸጠ ማነስ አለበት። እኔ 5.566ን በሁለት ማባዛት ነበረብኝ፤ 11.13 ይሆናል። የቦንድ ገበያ በልማድ የሚጠራው ይህንን ነው። ወለድ ወለድን እየወለደ የሚያመጣውን የዓመት ምጣኔ ከፈለግክ ግን 1.05566ን በራሱ አባዛው፤ 11.44 ይመጣል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የትኛው እንደሆነ ከተጻፈ። ሳይጻፍ ማወዳደር ግን ኪሎና ጣሳ ማወዳደር ነው።

ሌላው፣ ቦንዱን በሁለት የወለድ ቀኖች መካከል ከገዛህ የሚጠራው ዋጋና የምትከፍለው ብር አንድ ላይሆን ይችላል። ካለፈው ወለድ 3 ወር ቢያልፍ፣ የ3 ወሩ ወለድ 2,250 ብር የሻጩ ነው። ዋጋው 92,000 ቢባልም ከኪስህ 94,250 ይወጣል። በሒሳቡ በግራ በኩል የምታስገባው ይህንን ነው። የመጀመሪያው ክፍያም በ1 ዓመት ሳይሆን በ0.75 ዓመት ነው ወደ ዛሬ የሚመለሰው። ሙከራው ከዚያ በኋላ ያው ነው።

አንድ አጉል እምነት ላርም። «11.17 የሚገኘው ወለዶቹን በ11.17 መልሼ ሥራ ላይ ካዋልኳቸው ነው» ሲባል ትሰማለህ። ደብተሩን አስታውስ፤ 9,000ዎቹን ወስደህ ምሳ ብትበላባቸውም ደብተሩ ውስጥ የቀረው ብር የወለደው 11.174 በመቶ ነው። መልሶ ማዋል የሚነካው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ከአምስት ዓመት በኋላ ጠቅላላ ስንት ይኖረኛል?» የሚለውን። ወለዶቹን በ7 በመቶ ቁጠባ ብታስቀምጥ በመጨረሻ 151,757 ብር ይኖርሃል። 92,000ው በዓመት 10.53 በመቶ አደገ ማለት ነው። ያንተ ፈተና የጠየቀው ይህን ስላልሆነ አትቀላቅለው።

የዘዴው ወሰን ሌላ ነው። ሙከራው ክፍያዎቹ ሁሉ በቀናቸው ይመጣሉ ብሎ ይጀምራል። መምጣታቸውን ግን አያውቅም። ኢትዮጵያ በ2014 እ.ኤ.አ. ለውጭ ገበያ ያወጣችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር፤ በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈልበት ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ያ ክፍያ ሳይፈጸም ቀረ። እንዲህ ባለ ጊዜ የቦንድ ዋጋ ሲወርድ ዋይቲኤሙ በሒሳብ ይተኮሳል፤ የቁጥሩ ማደግ ግን ገበያው ክፍያውን መጠራጠሩን ነው የሚያሳየው። እኛም አገር የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። የቦንድ ንግዱ ሲለመድ ይህ ጉዳይ የክፍል ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ትልቅ ዋይቲኤም ስታይ መጀመሪያ ከፋዩ ማን እንደሆነ ጠይቅ።

ቁርጥ ያለ ምክሬ ይኸውልህ። በ10,600 ለ96,000 ዓይነት ግምት ጀምር። ከሱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ሞክር፤ አንዱ ከገበያው ዋጋ በላይ፣ አንዱ በታች ካልሆኑ አንዱን አንቀሳቅስ እንጂ ኢንተርፖሌሽን አትጀምር። ያገኘኸውን ራሱን አንድ ጊዜ መልሰህ ሞክር። ቤትህ ደርሰህ ኤክሴል ላይ ለማረጋገጥ ይህን ጻፍ፦

```
=RATE(5,9000,-92000,100000)
```

ከ92000 ፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት አትዝለላት፤ ከኪስህ የሚወጣው እሱ ብር ነው። ከዘለልካት ስህተት ወይም ትርጉም የሌለው ቁጥር ያመጣብሃል። የአስርዮሽ ቦታውን ሁለት አድርገህ ኤክሴሉ 11.17% ሲልህ ደግሞ የፈተና ወረቀትህ ላይ 92,608ንም 91,979ንም አትሰርዛቸው፤ እኔ ወረቀት ሳርም ነጥብ የምሰጠው ለነሱ ነው።